ከታች ቁረጥ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ «ጋሼ፣ ሎድ ኦርደሬን አስተካክልልኝ» አለኝ። ስካይሪም አልነሳ ብሎታል። አርማው ይመጣል፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የዘንዶው ምልክት ይታያል፣ ከዚያ ሜኑው ሳይመጣ ጌሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል። የስህተት መልእክት የሚባል ነገር የለም። ሎትን ደጋግሞ ከፍቶ ዝርዝሩን አስደርድሯል፤ ለውጥ የለም። ለእሱ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ጌሙ ካልተነሳ ድርደራው ተበላሽቷል፣ ድርደራውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ጌም የማይነሳው በድርደራ ምክንያት ነው የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ግን የብዙ ሰው ሌሊት በልቷል። ድርደራ የሚወስነው ሁለት ፕለጊኖች አንድን ነገር ሲነኩ የማን ቃል እንደሚጸና ነው፤ ከታች ያለው ያሸንፋል። ሲበላሽ በር አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ የአንዱ ሰው ፊት ይጠቁራል፣ የነጋዴው ዕቃ ይጠፋል። ጌሙ ግን ይነሳል፤ ተነስቶ ነው ጉዱን የሚያሳይህ። ድርደራ ብቻውን ማስነሣት የሚከለክልበት የማውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ፕለጊኑ ከማስተሩ በላይ ሲቀመጥ። ይህን ደግሞ ሎት በአንድ ጊዜ ያቃናዋል። አንዴ ካስደረደርክ በኋላ አሥር ጊዜ ብታስደረድረው የሚያወጣልህ ያንኑ ዝርዝር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኩት መቼ እንደሚሞት ነው። መስኮቱ እንኳን ሳይከፈት የሚጠፋ ጌም ብዙውን ጊዜ ከፕለጊን ጋር ጠብ የለውም፤ ጠቡ ከዲኤልኤል ጋር ነው። ኤስኬኤስኢ ዲኤልኤሎቹን የሚጭነው ገና በጠዋቱ ነው፣ ለየትኛው የጌም ቅጂ እንደተሠሩም አጥብቆ ይጠይቃል። የተጫነውንና ያልተቀበለውን በስም የሚጽፍበት ፋይል ይኸውና፦

```
Documents\My Games\Skyrim Special Edition\SKSE\skse64.log
```

አርማው ከታየ በኋላ ሜኑው ሳይደርስ የሚሞት ከሆነ ግን ጌሙ ፕለጊኖቹን እያነበበ ነበር ማለት ነው። ሕጉ ፍጹም አይደለም። ዳታው ተነቦ እስኪያልቅ ጠብቀው ሥራ የሚጀምሩ ዲኤልኤሎችም አሉ፣ እነሱም በዚያችው ሰዓት ሊጥሉህ ይችላሉ። ለመለየት ሁሉንም ፕለጊን አጥፍቶ፣ የጌሙን የራሱን አምስት ማስተሮች ብቻ ትቶ ማስነሣት ነው። ባዶውም ከሞተ በፕለጊን ዝርዝር ላይ ጊዜህን አታጥፋ። በሞድ ኦርጋናይዘር ቀኝ በኩል ያለውን ምልክት ማንሳት ፕለጊኑን ያጠፋል እንጂ ዲኤልኤሉን፣ በቢኤስኤ ያልታሸገውን ሥዕልና ስክሪፕት አይነካም፤ እነሱ የሚጠፉት በግራው ዝርዝር ነው። ቀኙን ሁሉ አጥፍቶ «ሞድ የለኝም፣ ግን አልነሳም» የሚል ሰው ሳገኝ ግራውን አሳየኝ እለዋለሁ።

የልጁ ጌም በባዶ ዝርዝር ተነሳ። ጥፋቱ በስተቀኝ ነው፣ ከአምስቱ ሌላ 160 ፕለጊኖች ውስጥ። እኔ የሙጥኝ ያልኩት ዘዴ የሚጀምረው እዚህ ነው።

አንድ በአንድ እያጠፉ መሞከር ለ160 ፕለጊን እስከ 160 ማስነሣት ነው። ለሁለት መክፈል ይሻላል የሚለውን ዛሬ ሁሉም ያውቃል፣ ስምንት ቢሞክሩ ያልቃል። ሰዎች የሚያበላሹት አከፋፈሉን ነው። እንደመጣላቸው ግማሹን፣ ለምሳሌ «የጦር መሣሪያዎቹን በሙሉ» ወይም «ዛሬ የጫንኳቸውን» ያጠፋሉ። ያኔ የቀረው ግማሽ ማስተሩ ይጎድለዋል። ማስተር የጎደለው ፕለጊን ደግሞ ራሱ ጌሙን ይገድላል፤ የምትፈልገው ሞት የቱ እንደሆነ፣ አንተ የፈጠርከው የቱ እንደሆነ መለየት አትችልም። የቀድሞውን ወንጀለኛ ስትፈልግ አዲስ ቀጥረሃል።

መድኃኒቱ ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጧል። በትክክል የተደረደረ ሎድ ኦርደር እንደ ትውልድ ቆጠራ ነው፣ አባት ሁልጊዜ ከልጅ በላይ ይጠራል። እንግዲያው ከታች እየቆረጥክ ከወጣህ፣ የትም ቦታ ብታቆም ከላይ የቀረው ሁሉ አባቱ አብሮት አለ። ከመሃል ከቆረጥክ ግን ወላጅ አልባ ታደርጋለህ። ከላይ የቀረው ራሱን ችሎ ይነሳል ወይም በእውነተኛው ጥፋት ይሞታል፤ ሦስተኛ ዕድል የለም ማለት ይቻላል። ሎት ለዚህ ሥራ የሚጠቅመኝም በዚህ ብቻ ነው፤ ጌሙን አያድንልኝም፣ መቁረጫዬን ግን ያስተካክልልኛል።

ልጁን ፕሮፋይሉን ኮፒ አድርግ አልኩት፣ የሚቆርጠው ኮፒውን እንዲሆን። ከ81ኛው ጀምሮ እስከ ታች መርጦ አጠፋ። ተነሳ። 120 አደረገው፤ ሞተ። 100 ላይ ተነሳ፣ 110 ላይ ሞተ። 105 ተነሳ። 107 ሞተ። 106 ተነሳ። ስለዚህ 107ኛው። ከመፍረዴ በፊት ግን የተገላቢጦሹን ሙከራ አስደረግኩት፤ 107ኛውን ብቻ አጥፍቶ የቀሩትን 159 በሙሉ መለሰ፣ ጌሙም ተነሳ። ይህን ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚዘሉ አሉ። ከ107 በታች ሌላ ጥፋተኛ ተደብቆ ቢሆን የሚታየው በዚህ ብቻ ነበር።

107ኛው አንዲት አጃቢ ገጸ ባሕርይ የምትጨምር ትንሽ ሞድ ናት። ማስተሮቿ አሉ፣ ከማንም ጋር አትጋጭም። ኤክስኤዲት ላይ ስትከፈት የራስጌዋ ቁጥር 1.71 ይላል። ልጁ የሚጫወተው ቅጂ ደግሞ 1.5.97 ነው፤ በ2021 የወጣው ትልቅ ለውጥ ብዙ ዲኤልኤሎችን ስለጣለ በዚያ ላይ የቀረው ብዙ ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2023 1.6.1130 ሲወጣ ቀላል ፕለጊኖች መያዝ የሚችሉት የአዲስ መዝገብ ብዛት ከ2048 ወደ 4096 አደገ፤ 1.71 የሚለው ቁጥር ያንን አዲስ ስፋት የሚናገር ምልክት ነው። የድሮው ጌም ያንን ስፋት አያውቅም። ሞዷ ራሷ ጤነኛ ነች፣ ጌሙም ጤነኛ ነው፣ ዘመናቸው አልገጠመም። ለድሮው ጌም ይህን ንባብ የሚያስተምር ቢኢኢኤስ የሚባል ዲኤልኤል አለ፤ ልጁ እሱን ጭኖ ሞዷን መልሶ አበራ፣ ሜኑውም መጣ። ሞዷን 50ኛ ላይ ብታወጣት 150ኛ ላይ ብታወርዳት ለውጥ አይኖርም ነበር።

ሲያትል ያለው ወንድሜ በዚህ ሁሉ ይስቃል። የእሱ ዘዴ ሁሉንም ደምስሶ እንደገና ማውረድ ነው። ኢንተርኔቱ አያሳስበውም፣ ቡና አፍልቶ እስኪመለስ ወርዶ ያልቃል። «ስንት ሰዓት ትመረምራለህ? ደምስሰው!» ይለኛል። እኔ ግን የተማርኩት ኦብሊቪዮን ሞድ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ዘመን ነው። አንድ ትልቅ የሥዕል ጥቅል ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ንጋት ላይ መብራት ሲሄድ አይቻለሁ። ደምስሶ መጀመር ሀብት ይጠይቃል። ከዚያም በላይ ደምስሰህ ስትጭን፣ ያቺኑ ሞድ መልሰህ ትጭናታለህ፤ ካልጫንካትም ለምን እንደተነሳ ሳታውቅ ትቀራለህ።

አንድ ጊዜ ግን የወንድሜ መደምሰስም አልሠራም፣ ደወለልኝ። ያው ከታች ቆረጥን፣ አንዲት ፓች ላይ ደረስን። አጠፋት፣ ተነሳ፤ «በቃ፣ እሷ ናት» አለ። እኔ ደግሞ ከታች ስትቆርጥ የምትይዘው ሁልጊዜ የታችኛውን ነው፣ ጥፋቱ ግን ከላይ ሊሆን ይችላል አልኩት። ጥል ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ይህ ዘዴ የሚያስረው ኋላ የመጣውን ነው። ስለዚህ የተያዘውን ፕለጊን ማስተሮች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ፓቿን በኤክስኤዲት ስህተት ስናስፈትሽ የጠቀሰቻቸው መዝገቦች አይገኙም አለ። የከተማዋን ትልቅ ሞድ በአዲስ ቅጂ ተክቷል፣ አዲሱ የድሮ መዝገቦችን ጥሏል፣ ፓቿ የድሮውን ትጠራለች። ደምስሶ ሲያወርድም ሁለቱንም ያወርድ ነበር፤ አዲሱን ከተማ ከድሮው ፓች ጋር። ለአዲሱ የተሠራውን ፓች ስናመጣ አለቀ።

የዘዴው ወሰን ደግሞ እዚሁ ፓች ላይ ነው። አንዳንድ ፓች ያለው ከላይ ያለውን ጥል ለማስታረቅ ነው፤ እሱን ስትቆርጥ ያልነበረ ሞት ይመጣል። ምልክቱ ዝርዝርህ ሲያጥር መሞቱ፣ ሲረዝም መነሳቱ ነው። እንዲህ ሲሆን መቁረጡን አቁሜ ፓቹን ከማስተሮቹ ጋር አብሮ እንዲቀር አደርጋለሁ፣ ከዚያ ነው የምቀጥለው።

ከወንድሜ ጋር በስልክ ስንገናኝ ስለ እናታችን ጤና እናወራለን፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ትንሽ፣ ከዚያ ዝም እንላለን። በአካል ከተያየን ዓመታት አልፈዋል፣ የሚነገረው ነገር አልቋል። ሎድ ኦርደር ሲበላሽበት ግን ሌሊቱን ሙሉ መስመር ላይ ነን። «ሰማንያው?» «ተነሳ።» «መቶ ሃያ አድርገው።» ጌሙ እስኪከፈት በምንጠብቃት ደቂቃ ውስጥ ሰፈር ማን እንደሞተ፣ የድሮው ግቢ እንዴት እንደፈረሰ ይጠይቀኛል። ከተነሳ በኋላ ብዙም አይጫወተውም። እኔም ስካይሪምን ጨርሼው አላውቅም፤ የዋናውን ታሪክ መጨረሻ ያየሁት ልጁ ሲጫወት ከጎኑ ተቀምጬ ነው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ጌሜ አልነሳም ብላችሁ ለምትደውሉልኝ ሁሉ፦ የጠፋውን ስክሪን ፎቶ አትላኩልኝ፣ ጥቁር ነው፣ አይቼዋለሁ። የጌማችሁን ቅጂ ቁጥር፣ ሞቱ ከአርማው በፊት ይሁን በኋላ፣ ፕለጊን በሙሉ ሲጠፋ ይነሳ እንደሆነ፣ ከእነዚህም ጋር `skse64.log` እና `plugins.txt` ላኩልኝ። እነዚህ ከሌሉ ስልኩን አላነሳም።