«አንጀቴን በላው» በእንግሊዝኛ፦ ቃሉ ከተተወ በኋላ የሚቀረው ሥራ

«አንጀቴን በላው» ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢገባ አንባቢው የሚያገኘው ዘግናኝ ምስል ብቻ ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚነሣው ቃሉ ከተተወ በኋላ ነው፤ እንጠብቀው የምንለው ፍች የትኛው ነው? ዩጂን ናይዳ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ የትርጉሙ አንባቢ ከመልእክቱ ጋር የሚኖረው ግንኙነት ከመጀመሪያው አንባቢ ግንኙነት ጋር እንዲቀራረብ ይጠይቃል። በዚህ ሚዛን የመዝገበ ቃላት ፍች ይቀላል።

አንዲት ሴት፣ ወላጅ የሌለው የሰፈሯ ልጅ ቁራሽ ዳቦውን ለታናሽ እህቱ ሲያካፍል አይታ «አንጀቴን በላው» አለች እንበል። «አይ ፌልት ሶሪ ፎር ሂም» ስሕተት የለበትም፤ ግን ሴትየዋን ከልጁ በላይ አቁሞ እንድታዝንለት ያደርጋታል። በአማርኛው አድራጊው ልጁ ነው፤ የተረታችው እሷ ናት። «ሂ ብሮክ ማይ ሃርት» ልጁን አድራጊ ያደርገዋል፤ ይሁንና እንግሊዝኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቀድሞ የሚታየው የከዳ ፍቅረኛ ነው። ስለዚህ «ኢት ብሮክ ማይ ሃርት ቱ ሲ ሂም» እመርጣለሁ። ልብ የሚሰብረው ማየቱ ይሆናል፤ ልጁ ግን አድራጊነቱን ያጣል። ይህን ኪሳራ እያወቁ መቀበል ይሻላል።

ያው ልጅ በማግስቱ በኮልታፋ አንደበቱ ሲዘፍን ሴትየዋ ያንኑ ፈሊጥ ብትደግመው የትናንቱ አቻ አይሠራም። አሁን ያለው መሳሳት እንጂ ሐዘን አይደለም፤ «ሂ ሜልትድ ማይ ሃርት» ይስማማዋል። ለአንድ ፈሊጥ አንድ አቻ ይዞ መጽሐፉን የሚዘልቅ ተርጓሚ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ከእንግሊዝኛ ስንመጣም ያው ነው። «ኪክ ዘ በኬት» መሞት ነው ተብሎ «አረፉ» ቢባል፣ ቀልደኛው ተናጋሪ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ ይሆናል። «ክልትው አለ» ለቅለቱ ይቀርባል፤ ግን ድንገተኛነት ስለሚጨምር ታሞ ለከረመ ሰው አይሆንም።

ቃሉን መተው የማይቻልበት ጊዜም አለ። ሴትየዋ «አንጀቴን በላኸው» ስትለው ልጁ «በልቼም እርቦኛል» ብሎ ቢመልስ፣ መብላት ከጠፋ መልሱም አብሮ ይጠፋል። ደግነቱ እንግሊዝኛም የሚያሳሳን ልጅ «አይ ኩድ ኢት ዩ አፕ»፣ በልቼ ልጨርስህ፣ ይለዋል። በዪና ተበይ ግን ቦታ ተለዋውጠዋል። ስለዚህ የልጁ መልስ መቀየር አለበት፤ በእንግሊዝኛው «የተራብኩትስ እኔ ነኝ» ይበል።