በብረት መሀል የተሰራ ባዶ ቦታ

የሻንት ሪአክተር ሆድ ዕቃ ተገልጦ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመዳብ ጥቅሉ ገና አልወረደበትም ነበር፤ ከሰው ቁመት በላይ የቆመ ክብ ምሰሶ ብቻ ነው የሚታየው። እንደ ትራንስፎርመር ኮር ወጥ ብረት መስሎኝ ተጠጋሁ። ወጥ አይደለም። ምሰሶው በጉርድ በጉርድ ተቆራርጦ፣ ጉርዶቹ እንደ ድፎ ዳቦ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። በየሁለቱ ጉርድ መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ውስጥ ነጫጭ የሴራሚክ እግሮች ቆመዋል። ከወዲህ በባትሪ ሳበራ ብርሃኑ በነጮቹ እግሮች መሀል አልፎ ከማዶ ወጣ።

ያን ሁሉ ብረት እንዲህ ተጠንቅቆ የቆረጠ ሰው ባዶ ቦታው ምን ያደርግለታል? እቃው የተሰራው ለባዶ ቦታው ሲባል ነው። ይህን ለማየት ግን መጀመሪያ መስመሩ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ረጅም የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ማዶው ተከፍቶ፣ ምንም ጭነት ሳይኖረው ኃይል ሲሰጠው ባዶ አይሆንም። ሽቦውና ከስሩ ያለው ምድር፣ በመሀላቸውም ያለው አየር፣ አንድ ትልቅ ካፓሲተር ናቸው። ያንን ካፓሲተር በየዙሩ የሚሞላና የሚያፈስ ከረንት ከማመንጫው ይወጣል። ይህ ከረንት ከቮልቴጁ ሩብ ዙር ይቀድማል። በጉዞው ላይ ደግሞ በሽቦው ኢንዳክታንስ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ኢንዳክታንስ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ከከረንቱ ሌላ ሩብ ዙር ይቀድማል። ሩብና ሩብ ግማሽ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ አቅጣጫው ከላኪው ቮልቴጅ ጋር ተቃራኒ ይሆናል፤ ተቃራኒን መቀነስ ደግሞ መደመር ነው። በጭነት ጊዜ ቮልቴጅ የሚያጎድለው ያው መስመር ያለ ጭነት ሲቀር ቮልቴጅ ይጨምራል፣ ማዶው ከመነሻው ይበልጣል።

ክስተቱ የሰባስቲያን ደ ፌራንቲን ስም ይዟል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከዴፕትፎርድ ማመንጫ ወደ ለንደን መሀል ከተማ 10,000 ቮልት የሚያደርስ ኬብል ዘርግቶ ነበር። ኬብሉ በስድስት ሜትር ቁራጭ የተሰራ፣ አንዱ የመዳብ ቱቦ በሌላው ውስጥ የገባ፣ በመሀላቸው ሰም የጠጣ ወረቀት የተጠቀለለበት ነው። በእጅ የተሰራ ድንቅ ስራ ነበር፤ ግን ሁለት ቱቦ ተጠጋግቶ መሀሉ ወረቀት ሲገባበት ከአየር መስመር እጅግ የበለጠ ካፓሲተር ይሆናል። በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንኳ የማዶው ቮልቴጅ ከመነሻው በልጦ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በአየር ላይ ለተዘረጋ መስመር ርቀቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከህዳሴ ግድብ ተነስቶ በዴዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት ድርብ መስመር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ50 ኸርዝ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ከዙሩ 6 ዲግሪ ይወስዳል፤ 600 ኪሎ ሜትር 36 ዲግሪ ነው። ሸክም በሌለው መስመር የማዶው ቮልቴጅ የላኪው ቮልቴጅ ለዚህ ማዕዘን ኮሳይን ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ36 ዲግሪ ኮሳይን 0.81 ነው። መሀል ላይ ጣቢያ ባይኖርና ምንም ባይደረግ ኖሮ፣ በወረቀት ላይ 500 የተላከው 618 ኪሎ ቮልት ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። የዚህ ደረጃ እቃዎች የሚችሉት ጣሪያ ደግሞ 550 ነው።

መሀል ላይ ጣቢያ አስገብተን መስመሩን በ300 ኪሎ ሜትር ብንቆርጠውስ? ጭማሪው ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፤ ያን ያህል አያስፈራም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። አራት ሽቦ በአንድ ፌዝ የታሰረበት የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜጋ ቫር ያህል ሪአክቲቭ ኃይል ያመነጫል። 300 ኪሎ ሜትሩ 300 ሜጋ ቫር ወደ ኋላ፣ ወደ ላኪው ጣቢያ ይገፋል። ከጀርባው ያለው ስርዓት ደካማ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሾርት ሰርኪውት አቅሙ 3,000 ሜጋ ቮልት አምፔር ከሆነ፣ መነሻው ራሱ 11 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ 5 በመቶው በዚያ ላይ ይደረባል። ውጤቱ 580 ኪሎ ቮልትን ያልፋል። ከሁለቱ ጭማሪ ትልቁ የመጣው ከጀርባ ነው። አንድ ተርባይን ብቻ በሚሰራበት ጊዜ ጣጣው የሚበዛው ለዚህ ነው። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ግድቡ ኃይል ማመንጨት ሲጀምር የመጀመሪያው ዩኒት አቅም 375 ሜጋ ዋት ነበር፤ እንዲህ ያለ መስመር ደግሞ ሪአክቲቭ ኃይሉ ተመጣጥኖለት የሚረጋው አንዱ ሰርኪውት ብቻ እንኳ 900 ሜጋ ዋት ግድም ሲሸከም ነው።

ሪአክተሩ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ከመስመሩ ወደ ምድር ይታሰርና ከካፓሲተሩ በተቃራኒ፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ የሚቀር ከረንት ይወስዳል። መስመሩ የሚተፋውን እሱ ይውጣል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከመስመሩ ሜጋ ቫር 60 ወይም 70 በመቶውን ማጣፋት ነው።

አሁን ወደ ምሰሶው እንመለስ። አንድ ፌዝ ላይ የሚቆም 50 ሜጋ ቫር ሪአክተር እናስብ። ብረቱ ወጥ ቢሆን ከረንት አይወስድም፤ ማግኔት በብረት ውስጥ ያለ ድካም ስለሚሄድ ጥቅሉ የትም የማይደርስ ትንሽ ከረንት ጠጥቶ ይቀመጣል። ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ብረቱ ይጠግብና ከረንቱ ድንገት ይፈነዳል። ብረት ጉልበት አያጠራቅምም፣ ያስተላልፋል እንጂ። ጉልበቱ የሚያድረው ክፍተቱ ውስጥ ነው። በየዙሩ ሁለት ጊዜ 160 ኪሎ ጁል ያህል ይገባበታል፣ ይወጣበታል። የማግኔቱ ጥንካሬ ጫፉ 1.4 ቴስላ ቢሆን ያንን ጉልበት የሚይዘው ባዶ ቦታ ሁሉ ተደምሮ 200 ሊትር አካባቢ ይመጣል። አንድ በርሜል ማለት ነው። ያ ግዙፍ ታንክ፣ ያ ሁሉ ዘይትና መዳብ፣ አንድ በርሜል የሚሞላ ባዶ ቦታ ይጠብቃል።

በርሜሉን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ግን አይቻልም። የምሰሶው ስፋት 0.4 ስኩዌር ሜትር ቢሆን የክፍተቱ ርዝመት ግማሽ ሜትር ነው፤ ማግኔቱ እንዲህ ያለ ሰፊ ክፍተት ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይተነፍስና ጥቅሉን እየመታ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ግማሽ ሜትሩ በ25 ሚሊ ሜትር እየተሸነሸነ ሃያ ቦታ ይከፈላል። በየክፍተቱ ጠርዝ አሁንም ትንሽ ወደ ጎን የሚወጣ አለ፤ ወደ ብረቱ ሲመለስም በጎን በኩል ይገባል። ይህንን ያሰበ ሰው ነው የእያንዳንዱን ጉርድ ሉሆች እንደ ትራንስፎርመር ጎን ለጎን ከመደርደር ይልቅ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ከመሀል ወደ ዳር የዘረጋቸው። ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣው ማግኔት የሚያገኘው የሉህ ጠርዝ እንጂ የሉህ ፊት አይደለም፤ ፊቱን ቢያገኘው የሚሽከረከር ከረንት ፈጥሮ ቦታውን ያግለዋል። ከመሀል ወደ ዳር ሲሄዱ ሉሆቹ ስለሚራራቁ፣ በየመሀሉ አጠር ያሉ ሉሆች ይሰካሉ። ከዚያ ጉርዱ በኢፖክሲ ታስሮ እንደ አንድ ድንጋይ ይሆናል። ካየኋቸው ጉርዶች በአንዱ ፊት ላይ መዳፌን አሳለፍኩ፤ በሺህ የሚቆጠር የሉህ ጠርዝ አለ፣ አንዱም ከሌላው አይነሳም።

ፊቱ እንዲህ የተላገው ለውበት አይደለም። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጉርዶች ይሳሳባሉ። በ1.4 ቴስላ ስበቱ በስኩዌር ሜትር 80 ቶን ያህል ነው፤ በእኛ ምሰሶ 32 ቶን። በሰከንድ መቶ ጊዜ ወደ 32 ቶን ይደርሳል፣ መቶ ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ነጮቹ እግሮች ሴራሚክ የሆኑት እንጨት ወይም ፕላስቲክ እዚያ ቢገባ እንደ ምንጣፍ ስለሚጨመቅ ነው። አንዱ እግር ከጓደኞቹ በጥቂቱ ቢያጥር ሸክሙ ሌሎቹ ላይ ይወድቃል፣ ጉርዱ መወዛወዝ ይጀምራል። የምሰሶው የራሱ ንዝረት ከ100 ኸርዝ በብዙ እንዲርቅ ሁሉም ተልጎ፣ ተጣብቆ፣ ከላይ እስከ ታች በብርቱ ተጠፍሮ ይያዛል። በውጭ በኩል የታንኩ ግድግዳ ንዝረት ጫፍ ለጫፍ ከ200 ማይክሮን እንዳያልፍ ዓለም አቀፉ ደረጃ ያዝዛል።

ሲላላ ይታወቃል። ትራንስፎርመር በሌሊት ያርፋል፤ ሪአክተር ግን ከተሰካ ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ላይ ነው፣ ድምፁም ቀን ከሌት አንድ ነው። አንድ ጣቢያ ያየሁት ሪአክተር ድምፁ ሻካራ ሆኖ ነበር፤ ዘበኛው ነበር ቀድሞ የነገረን። የዘይቱ ናሙና ሲመረመር ሃይድሮጅንና ኢቲሊን ጨምረው ተገኙ፤ የላላ ብረት ተፋትጎ አንድ ቦታ ሲግል የሚወጡ ጋዞች ናቸው።

የስራውን ጥራት በቁጥር ለመያዝ ሰዎች የሚለኩት ብክነቱን ነው። ጥሩ ሪአክተር ከሚያመላልሰው ኃይል የሚያባክነው ከሺህ ሁለት ገደማ ነው፤ ለ50 ሜጋ ቫር 100 ኪሎ ዋት። ይህን መለካት ራሱ ጥበብ ነው፤ በቮልቴጅና በከረንት መሀል ያለው ማዕዘን ላይ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ስህተት ቢገባ ብክነቱ 15 በመቶ ይዛባል።

እኔ ግን ያንን ቁጥር በዓይኔ ያየሁት ከላቦራቶሪ ውጭ ነው። ሪአክተር የታሰረበት መስመር በሁለቱም ጫፍ ብሬከሮቹ ሲከፈቱ ቮልቴጁ ወዲያው አይሞትም። የመስመሩ ካፓሲታንስና ሪአክተሩ ጉልበቱን ለብቻቸው ይቀባበሉታል። 70 በመቶ ከተጣፋ የሚወዛወዙት በ50 ሳይሆን በ42 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ መስመሩ ተቆርጧል ብሎ የሚጠጋ ሰው ምድር ሳያስይዝ መጠጋት የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የፎልት መቅጃው ያወጣውን ሞገድ ዘርግቼ ተከተልኩት። ብሬከሩ ከተከፈተበት ቅጽበት በኋላ ሞገዱ ትንሽ ሰፋ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ፣ ግን ምን ያህል በዝግታ! አንድ ሰከንድ አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ቁመቱ ገና ከግማሽ በላይ ነው። የሚያባክን ነገር ስለሌለ ነው የማይሞተው። ሦስተኛው ሰከንድ ላይ መቅጃው ቆመ፤ ሞገዱ ገና እየተወዛወዘ ነበር።