ፊውዙ ለምን ተቃጠለ?

መሞቅ ያቆመ ካውያ ሲመጣልኝ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነባለሁ። አናንዴል ተቀምጦ የሐበሻ ዕቃ የሚጠግን ሰው ይህን ካልለመደ በከንቱ ይደክማል። እዚህ ሶኬቱ 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። ዕቃው ደግሞ በሻንጣ ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል።

ከአዲስ አበባ የመጣ የውሃ ማፍያ እዚህ ሲሰካ «አይሞቅም» ተብሎ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚሰጥ ማፍያ በ120 ቮልት 600 ዋት እንኳ አይሞላም። እዚያ አንድ ሊትር ውሃ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያፈላ የነበረው እዚህ ዘጠኝ ደቂቃ ያልፈዋል። ባለቤቱ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ተበላሸ ብሎ ይነቅለዋል። ስፒናው ላይ የሚደረገው ትንሿ መቀየሪያ የምትለውጠው የብረቱን ቅርጽ ነው፤ ቮልቱን አትነካውም። ይህን ለማስረዳት ከጥገናው የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል።

ጉዞው በተቃራኒው ሲሆን ግን ነገሩ ይከፋል። አንዲት እናት ያመጡልኝን ካውያ ልንገራችሁ። ጽሑፉ 120 ቮልት፣ 1500 ዋት ይላል። ሲሰካ መብራቱ አይበራም፣ ግርጌውም አይሞቅም።

«እማማ፣ ይህ ካውያ አገር ቤት ደርሶ መጥቷል?»

«አዎ ልጄ፣ ለሰርግ ስንሄድ ይዤው ነበር። ትንሽ እንደተኮስኩበት ዝም አለ።»

ነገሩ ግማሽ በግማሽ ተፈታ ማለት ነው፤ ቢሆንም መለካት ግድ ነው። ካውያው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ውሃው ተደፍቶ ቴስተሩን ኦም ላይ አደርጋለሁ። የሙቀት ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ የስፒናውን ሁለት ጠፍጣፋ ጥርሶች እለካለሁ። ለ120 ቮልትና 1500 ዋት ጤነኛው ቁጥር 10 ኦም ገደማ ነው። የእማማ ካውያ `OL` አለ፤ መስመሩ አንድ ቦታ ተቋርጧል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ካውያው ብቻውን ሲቀመጥ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ማብሪያ ኤሌክትሪክ እስኪያገኝ ድረስ ክፍት ሊሆን ስለሚችል ጤነኛውም `OL` ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን ከፍቶ ክፍል በክፍል መለካት ነው እንጂ ከስፒናው ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ቀጥሎ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። ገመድ የሚበጠሰው መሀል ላይ አይደለም፤ ካውያው ውስጥ የሚገባበት አንገት ላይ ነው፤ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚታጠፈው እዚያ ነውና። ቴስተሩ ስፒናው ላይ እንዳለ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አጥፋለሁ። ቁጥሩ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ችግሩ ተገኘ። የተጎዳውን አልፎ ቆርጦ ማሳጠርና እንደገና ማሰር ይበቃል። ገመዱ የሚለወጥ ከሆነ ግን ሙቀት የሚችል የካውያ ገመድ ይሁን። ይህ ካውያ 12.5 አምፔር ይስባል፤ የአምፖል ገመድ ይህን አይሸከምም። የእማማ ካውያ ገመድ ቢታጠፍ ቢጎተት `OL` እንዳለ ቀረ።

የጀርባውን ክዳን ፈታሁ። ሁለቱ የገመድ ሽቦዎች ከጫፍ ጫፍ ደህና ናቸው። ሬዚስታንሱን ለብቻው ስለካው 10 ኦም አካባቢ ሰጠኝ፤ ከእሳቱ ተርፏል። ቴርሞስታቱም ማዞሪያው ከፍ ሲል ያገናኛል። የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ግርጌው ላይ በቁራጭ ብረት የተጨቆነ፣ ነጭ የመስታወት ክር ሹራብ የለበሰ፣ የጣት ጥፍር የማይሞላ ትንሽ ዕቃ። የሙቀት ፊውዙ ይህ ነው። ጤነኛ ሲሆን ዜሮ ኦም ሊባል የሚችል ነገር ያሳያል። ይኸኛው `OL`።

እንደ ቤት ፊውዝ በአምፔር ብዛት የሚቃጠል አይደለም፤ ሙቀት ነው የሚቆርጠው። ሰውነቱ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ውስጡ ይቀልጥና መስመሩን አንዴ ይለያል፤ ቢቀዘቅዝም አይመለስም። ስለዚህ የተቃጠለ ፊውዝ ያገኘ ጠጋኝ ሥራውን አልጨረሰም። ለምን ያን ያህል ሞቀ የሚለው ገና አልተመለሰም። አዲስ ፊውዝ አስገብቶ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሸኝ ሰው ለእኔ ጠጋኝ አይደለም።

የእማማ ካውያ መልሱ ከራሱ ውጭ ነበር። 120 ቮልት ለምዶ 220 ሲሰጠው 1500 ዋቱ ወደ 5000 ዋት ገደማ አሻቀበ። ቴርሞስታቱ መስመሩን የሚቆርጠው የራሱ ብረት ሞቆ ሲታጠፍ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ግን እሱ እስኪታጠፍ ግርጌው አልፎት ይሄዳል። ፊውዙም ተራው ደረሰው።

ሆኖም ሌላ ጉዳት ተከትሎ ሊሆን ይችላል። በ220 ቮልት ወደ 23 አምፔር ይስባል፤ ይህም የቴርሞስታቱን ሁለት መገናኛ ነጥቦች እርስ በርስ ሊበይዳቸው ይችላል። ስለዚህ ማዞሪያውን መዝጊያው ላይ አድርጌ ቴርሞስታቱን ደግሜ ለካሁ። መቁረጥ አለበት። ተዘግቶም የሚያገናኝ ቢሆን ኖሮ ካውያውን አልመልስም ነበር፤ ያ ቴርሞስታት ሙቀቱን የሚያቆምበት መንገድ የለውም። የእማማው በጥሩ ድምፅ «ቀጭ» ብሎ ቆረጠ።

አዲሱ ፊውዝ ከአሮጌው ጋር በዲግሪም በአምፔርም አንድ መሆን አለበት። የእማማው 240 ዲግሪ ነበር። ከፍ ያለ ዲግሪ «ይበልጥ ይበረታል» ብሎ ማስገባት ጥበቃውን ማውለቅ ነው። በስታኞ ማሰርም አይሆንም። አንደኛ፣ የሚበይደው ብረት ራሱ ፊውዙን ያቃጥለዋል። ሁለተኛ፣ የተለመደው ስታኞ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ካውያ ደግሞ ለበፍታ ሲሞቅ ከ200 ያልፋል። ስለዚህ ሙቀት በሚችል የብረት ማያያዣ በፒንሳ ተጨቁኖ ይታሰራል፤ ሹራቡም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የብዙዎቹ ፊውዞች ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ስላለበት። ፊውዙን ትቶ ሽቦ በሽቦ ማገናኘት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ቢጣበቅ የሚያቆመው የለም፤ የግርጌው አሉሚኒየም እስኪቀልጥ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ ጠረጴዛውና ልብሱ ግን ከዚያ በጣም ቀድመው ይነዳሉ።

ክዳኑን ገጥሜ ከጥርሶቹ ስለካ 10 ኦም ገደማ መጣ። ዝቅተኛው ላይ ሰክቼ መብራቱ እስኪጠፋ፣ ደግሞ እስኪበራ ጠበቅሁ። ያ ዙር ካልታየ ካውያው አልዳነም።

የውሃ ማፍያውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ውሃ ሳይኖር ከተለኮሰ ብዙዎቹ ከሥራቸው ያለው የሚታጠፍ ብረት መስመሩን ይቆርጠዋል፤ ይህ ግን እንደ ፊውዝ አይሞትም፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ስለዚህ ለጠጋኝ ከመሮጥ በፊት ሩብ ሰዓት ማሳረፍ ነው። ሲሰካ የኩሽናውን የመከላከያ ሶኬት የሚጥል ማፍያ ከሆነ ግን ሬዚስታንሱ ወደ አካሉ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አትሞክሩት፣ ጣሉት።

ወደ አገር ቤት ሻንጣ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ የካውያችሁን ጀርባ አንብቡት። «120 ቮልት» ብቻ ካለ እዚሁ ይቅር፤ «ከ100 እስከ 240» ካለ ወይም ቮልት መምረጫ ማብሪያ ካለው ውሰዱት። ለ1500 ዋት የሚበቃ ትራንስፎርመር ከካውያው ይልቅ የሚከብድ ዕቃ ነው።