ሳጥኑን አንብቦ ጉብታውን መሳት

በአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባል፣ ጊዜ እየጠበቀ ወደ ላይ የሚፈናጠር ፍል ውሃ አለ። በአንዱ ፍንዳታና በሚቀጥለው መካከል ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ የሚያሳይ የ272 ምልከታዎች ዝርዝር ስታቲስቲክስ በሚማሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አር በተባለው ሶፍትዌር ውስጥም `faithful` በሚል ስም ይገኛል። የዚህ ዝርዝር ቦክስ ፕሎት ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለአንድ አንባቢ ቢቀርብለት ግራፍ ማንበብ መቻል አለመቻሉ ቶሎ ይለያል።

መጀመሪያ የማየው በሳጥኑ ውስጥ ያለውን መስመር ምን ብሎ እንደሚጠራው ነው። «አማካይ» ካለው የቀረውን ንባቡን አላምንም። መስመሩ ሚዲያን ነው፤ ምልከታዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ብንደረድራቸው መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር። በዚህ ዝርዝር ሚዲያኑ 76 ደቂቃ ሲሆን አማካዩ ግን 71 ገደማ ነው። አማካዩ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይሣልም፤ ከተሣለም አብዛኛውን ጊዜ በነጥብ ወይም በመስቀል ምልክት ነው።

ቀጥሎ 76ን እንዴት እንዳገኘው እጠይቃለሁ። ፎቶው ዘንበል ብሎ ከተነሣ ከካሜራው የራቀው የገጹ ክፍል ይጠብባል። መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ገጹ ወደ ስፌቱ ሲጠጋ ይጎብጣል። ስለዚህ የዘንጉን ጫፍና ጫፍ ይዞ ማካፈል ያሳስታል። ጥሩ አንባቢ ሚዲያኑን ከላይና ከታች የሚያዋስኑትን ሁለት የዘንግ ምልክቶች ብቻ ይይዛል። ለምሳሌ ፎቶው ላይ በ70 እና በ80 መካከል 112 ፒክስል ቢኖር፣ መስመሩም ከ70 በላይ 67 ፒክስል ላይ ቢውል፣ 67 ለ112 ተካፍሎ 0.6 ገደማ ይሆናል፤ ይህም 76 ማለት ነው። መስመሩ ራሱ ጥቂት ፒክስል ውፍረት ስላለው «76 ገደማ» ብሎ የሚጽፍን ሰው «75.98» ከሚለው አስበልጣለሁ። ይህ ስሌት የሚሠራው ምልክቶቹ እኩል ሲራመዱ ነው። ዘንጉ 1፣ 10፣ 100 እያለ የሚዘል ከሆነ ሌላ ስሌት ይጠይቃል።

ስርጭቱን ሲናገር የትኛውን ስርጭት እንደሆነ መግለጽ አለበት። ሳጥኑ ከ58 እስከ 82 ነው፤ ስለዚህ መካከለኛዎቹ ግማሽ ምልከታዎች በ24 ደቂቃ ስፋት ውስጥ ይገኛሉ። ጢሞቹ ከ43 እስከ 96 ይደርሳሉ። በጆን ቱኪ የ1977 መጽሐፍ በተስፋፋው ልማድ ጢም ከሳጥኑ ጠርዝ ከሳጥኑ ስፋት 1.5 እጥፍ አይርቅም፤ ከዚያ ያለፈው በነጥብ ይታያል። ጢሙን እስከ ትንሹና ትልቁ ቁጥር የሚጎትቱም አሉ። እዚህ ገደቡ 22 እና 118 ስለሚሆን፣ ከዚያ ውጭም ምልከታ ስለሌለ፣ ሁለቱም አሣሣል አንድ ዓይነት ሥዕል ይሰጣል። በሌላ ግራፍ ግን ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ ሳያነቡ ጢምን «ትንሹና ትልቁ» ማለት ግምት ነው።

ዋናው ፈተና መዝመሙ ላይ ነው። ሚዲያኑ ከሳጥኑ ታችኛ ጠርዝ 18 ደቂቃ፣ ከላይኛው ደግሞ 6 ደቂቃ ብቻ ይርቃል። ችኩል አንባቢ ይህን አይቶ «ጭራው ወደ ትንንሾቹ ቁጥሮች የተዘረጋ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የታችኛው ጢም ግን 15፣ የላይኛው 14 ደቂቃ ነው፤ እኩል ናቸው ቢባል ይቀላል። ሳጥኑ ዘመመ ሲል ጢሞቹ አልዘመመም ይላሉ። ጥሩ አንባቢ እዚህ ቆም ይላል፤ ሂስቶግራሙንም ይፈልጋል።

ሂስቶግራሙ በአምስት አምስት ደቂቃ ሲከፈል ሁለት ጉብታ ይወጣል። ከ50 እስከ 55 ባለው አምድ 33 ምልከታዎች፣ ከ80 እስከ 85 ባለው 55 ሲኖሩ፣ ከ65 እስከ 70 ያለው ሸለቆ ግን 10 ብቻ ይዟል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፦ ፍል ውሃው ለአጭር ጊዜ ከፈነዳ የሚቀጥለው ቶሎ ይመጣል፣ ለረጅም ጊዜ ከፈነዳ ይዘገያል። ሳጥኑ እነዚህን ሁለት ዓይነት ጥበቃዎች አንድ ላይ ጠቅልሎ ደብቋቸዋል።

ከሂስቶግራም ሚዲያን ሲወጣም ረጅሙን አምድ የሚጠቁም ተሳስቷል። አምዶቹን ከግራ እየደመሩ ግማሹ ጋ መድረስ ያስፈልጋል። እስከ 75 ያሉት 134 ናቸው፤ የ272 ግማሽ 136 ነው። ስለዚህ ሚዲያኑ ከ75 እስከ 80 ባለው አምድ መጀመሪያ አካባቢ ይወድቃል። አምዱ ውስጥ ምልከታዎቹ እንዴት እንደተቀመጡ ስለማይታይ፣ ከዚህ በላይ ዝርዝር ቁጥር የሚሰጥ ሰው ከሥዕሉ ያላገኘውን እየጨመረ ነው።

ለኔ ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው ንባብ ይህ ነው፦ «ሚዲያኑ 76 ደቂቃ ገደማ፣ የመካከለኛው ግማሽ ስፋት 24፤ ሁለት ጉብታ ስላለ አንድ የመዝመም ቃል አይገልጸውም።» ገጹን የምታነሡት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ስልኩን ከወረቀቱ ትይዩ ያዙት፤ የዘንጉን ቁጥሮችና ከሥር ያለውን ማብራሪያም አትቁረጡ።