ሦስት እጥፍ ያነበበው ኒውትራል

አሽዶድ ውስጥ አንድ ቢሮ የጠራኝ «ከፓኔሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል» ብሎ ነው። አጥፍቼ ስከፍተው የኒውትራሉ ተርሚናል ቡኒ ሆኗል፤ የሽቦው ሽፋን ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ባለ 16 አምፔር ብሬከሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም። መልሼ አበራሁና ክላምፕ ሜትሬን በየሽቦው ላይ አጠለቅሁ። ሦስቱ ፌዞች እያንዳንዳቸው 5.5 አምፔር ገደማ አነበቡ። ኒውትራሉ 16.4።

ሦስቱ ፌዞች እኩል ሲጫኑ ኒውትራሉ ባዶ ሊሆን ይገባዋል ብለን ነው የተማርነው፤ የሚመለሰው ከረንት እርስ በርሱ ይጣፋል። እዚህ ግን የሦስቱ ድምር ሳይነካ የተመለሰ ይመስላል። የሌላ መስመር ኒውትራል እዚህ ተቀላቅሏል ብዬ ግማሽ ቀን መስመር ሳጠፋና ሳበራ ዋልኩ። የተቀላቀለ ነገር አልነበረም። በማግስቱ የጓደኛዬን ክላምፕ ተውሼ ተመለስኩ። የእሱ ትሩ አርኤምኤስ ነው። ፌዞቹ 10፣ 10፣ 10፤ ኒውትራሉ 17.3። በኒውትራሉ ላይ ሁለቱ መሣሪያዎች ሊስማሙ ምንም አልቀራቸው፤ በፌዞቹ ላይ ግን የእኔው ግማሽ ያህሉን ደብቆኛል።

የእኔው አሮጌ ክላምፕ አማካይ የሚያነብ ነው። የሞገዱን የታችኛውን ግማሽ ወደ ላይ ይገለብጥና የጉብታዎቹን አማካይ ከፍታ ወስዶ በ1.11 ያባዛዋል። ያ ቁጥር ትክክል የሚሆነው ሞገዱ ሳይን ሲሆን ብቻ ነው። የሽቦ ሙቀት ግን አማካይን አይከተልም፤ የከረንቱን ስኩዌር ነው የሚከተለው። ትሩ አርኤምኤስ የሚባለው እያንዳንዷን ቅጽበት በራሷ አባዝቶ፣ አማካዩን ወስዶ፣ ሥሩን ያወጣል፤ ስለዚህ የሚሰጠን ቁጥር የሙቀት ቁጥር ነው። ሸክሙ አምፖልና ምጣድ ብቻ በነበረበት ዘመን ሁለቱ መሣሪያዎች የሚጣሉበት ምክንያት አልነበረም።

ወደቡ አጠገብ ካለው የኤሽኮል ማመንጫ የሚወጣው ሞገድ ንጹሕ ነው። ከረንቱን የምናበላሸው እኛው ቤት ውስጥ ነን። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ዳዮድና ካፓሲተር አለ፤ ካፓሲተሩ የሚሞላው ቮልቴጁ ጫፍ አካባቢ ሲደርስ ብቻ ነው። በ50 ኸርዝ ግማሹ ሞገድ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ እዚያ ቢሮ ኮምፒውተሮቹ ከረንት የሚስቡት ከዚያ ውስጥ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህሉን ነው እንበል። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ እንደሚበላ ሰው ሁሉንም በአንዴ ይጎርሳሉ። የ10 አምፔር ሙቀት እንዲገኝ የዚያ ጠባብ ጉብታ ጫፍ ወደ 26 አምፔር መውጣት አለበት። አማካዩ ግን 4.9 ነው፤ በ1.11 ሲባዛ 5.5 ይሆናል። የእኔው ክላምፕ ያነበበው ይኸንኑ ነው።

ኒውትራሉ ላይ የሆነው ይበልጥ ይገርማል። የሦስቱ ፌዞች ጫፍ በተራ ስለሚመጣ ጠባቦቹ ጉብታዎች አይገናኙም፤ ካልተገናኙ ደግሞ አይጣፉም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ከ10 ሚሊ ሰከንዱ 9ኙን ይሞሉታል። እንዲህ የሞላ ሞገድ ለሳይን ስለሚቀርብ አማካይ አንባቢውን ብዙም አያታልለውም። ለዚህ ነው 17.3ቱን 16.4 ብሎ ለጥቂት የሳተው። ሙቀቱ ከአንድ ፌዝ ሙቀት ሦስት እጥፍ ነው፤ ከረንቱ ግን የሦስት ስኩዌር ሥር፣ ማለትም 1.73 እጥፍ ብቻ። እንዲህ ያለ ሸክም በሦስት ፌዝ እኩል ሲከፋፈል ኒውትራሉ ከዚህ አያልፍም። ሦስት እጥፍ ካነበብኩ አሁን ከሽቦው በፊት የምጠረጥረው በእጄ ያለውን መሣሪያ ነው። የክላምፑን የኸርዝ ቁልፍም እጫናለሁ፤ ኒውትራሉ በ50 ፈንታ 150 ካሳየ ነገሩ ግልጽ ነው።

ብሬከሩ ለምን ዝም አለ? እያንዳንዱ ፌዝ 10 ላይ ነው፤ ከ16 በታች። ኒውትራሉን የሚጠብቅ ደግሞ እዚያ ፓኔል ውስጥ የለም። ለሦስቱም አንድ 1.5 ካሬ ኒውትራል ነበር የተጋራው፤ ለየመስመሩ የራሱን ጎተትኩለት።

ሥራው አለቀ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ የተዋስነውስ ልክ መሆኑን በምን አወቅን?» አለኝ። ደግ ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ቤቴ ተቀመጥን። መጀመሪያ የእናቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሞከርን፤ ቴርሞስታቱ መሀል ላይ እየቆረጠ አስቸገረን። ባለ 2000 ዋት ኩምኩም ወሰድን። ገመዱ ላይ እንዳለ ክላምፕ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ተጣፍቶ ዜሮ ይነበባል። ስለዚህ ሽቦዎቹ ለየብቻ የሚወጡበት አጭር ማራዘሚያ ሠራን። በ230 ቮልት 8.7 አምፔር መምጣት አለበት። ሁለቱም 8.7 አነበቡ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስህተቱም እዚሁ ነው። ኩምኩም ቮልቴጁን ተከትሎ ሳይን ስለሚስብ ሁለቱም መሣሪያዎች ፈተናውን ያልፋሉ። የሚለያቸው የተቆረጠ ሞገድ ነው። ያንን ጭነት የሚችል ዲመር አስገባንና የቤቱን ሌላ ነገር ሁሉ አጥፍተን የቆጣሪውን መብራት ቆጠርን። የእኛ ቆጣሪ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 1000 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ በሙሉ ኃይል 10 ብልጭታ 18 ሰከንድ ይወስዳል። 36 ሰከንድ እስኪሆን ዲመሩን ዝቅ አደረግነው። ኃይሉ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ኃይል በስኩዌር ስለሚሄድ ትክክለኛው ከረንት 8.7 ለ1.414 ተካፍሎ 6.15 መሆን አለበት። የተዋስነው 6.1 ገደማ አነበበ። የእኔው 4.35፣ የሙሉውን ልክ ግማሽ።

«ቆጣሪውስ ቢዋሽ?» አለ ልጁ። ፈገግ አልኩ፤ ግን እሱም መልስ አለው። ከረንቱ በእርግጥ በግማሽ ከወረደ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ውሃው አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ በ2000 ዋት 84 ሰከንድ ይበቃል፤ ኩምኩሙ ራሱ ስለሚሞቅ ትንሽ ይጨመርበታል። ዲመሩን ሳንነካ ቴርሞሜትር ከትተን ጠበቅን። ውሃው ሁለት እጥፍና ትንሽ ትርፍ ወሰደ፤ ወደ አራቱ እንኳ አልቀረበም። አርኤምኤስ የሚባለው ነገር መጀመሪያውኑ በሙቀት የተበየነ ስለሆነ ከውሃ በላይ ዳኛ አላውቅም።

ትሩ አርኤምኤስ የተጻፈበት ሁሉ ታዲያ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። የሞገዱ ጫፍ ከአርኤምኤሱ ስንት እጥፍ ድረስ እንደሚችል መመሪያው ላይ ይነገራል፤ ብዙዎቹ ሦስት ይላሉ። የቢሮው ጉብታ 2.6 ስለነበር አለፈ። ከዚያ የጠበበ ሲመጣ ሰፋ ያለ ሬንጅ መምረጥ ይሻላል፤ አለዚያ ጫፉ ተቆርጦ ንባቡ በዝምታ ያንሳል።

አሮጌው ክላምፕ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ልጁ ጀርባው ላይ ነጭ ቴፕ ለጥፎ «ለኩምኩም፣ ለዱድና ለምጣድ ብቻ» ብሎ ጽፎበታል።