ስንኝ የሌለው ግጥም

ስንኝ ሳይለይ፥ ቤት ሳይመታ፥ እንደ ደብዳቤ ተያይዞ የተጻፈ ነገር ግጥም ይባላልን? ቦድሌር የተባለው የፈረንሳይ ባለቅኔ ስለ አንዲት ሴት ጠጕር እንዲህ ያለ ጽሕፈት በ1857 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቈጣጠር) አሳተመ። በስንኝ የገጠመው ግን በ1859 ወጣ፤ ስለዚህ የፊተኛው የፈረሰ ግጥም ነው ማለት አይቻልም።

ሰባት አጫጭር አንቀጾች አሉት። ከነዚህም ሦስቱ ተከታትለው በአንድ ዐይነት አነጋገር ከጠጕሯ ይነሣሉ፤ ነገር ግን አንዱ ወደብ፥ ሁለተኛው የመርከብ ክፍል፥ ሦስተኛው የትምባሆ ሽታ ያሳያል። የመጨረሻውም አንቀጽ የመጀመሪያውን ልመና ያነሣል። ይህ መመላለስ እንደ ቤት መምቻ ጆሮን ወደ ኋላ ይጠራል፤ መዝሙር 135ን ለሚደግም ሰው እንግዳ አይደለም። ቃሉ ተመልሶ አዲስ ነገር ባያመጣ ኖሮ ግን ድግግሞሽ ብቻ በሆነ ነበር። ጽሕፈቱን እንደ ታሪክ ልንተርከው ብንሞክር፥ የተደረገ ነገር ስለሌለበት፥ በእጃችን የሚቀር የለም።