የዲያቆኑ ልጅና የተረሳው ሰላም

ሊረሳ ጥቂት የቀረውን ዜማ መልሳ ስለምታገኝ አንዲት የዲያቆን ልጅ አጭር ታሪክ ለመጻፍ ብዕሩን ያነሣ ደራሲ በመጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ፣ ልጅቱ ከአባቷ ሞት በኋላ ሣጥኑን ከፍታ፣ አቧራ የለበሰውን የብራና ድጓ አውጥታ፣ ከቃሉ በላይ የተጻፉትን ምልክቶች እየተከተለች ዜማውን እንድታዜመው ማድረግ ነው። ይህ አካሄድ ለጸሐፊው ቀላል፣ ለአንባቢውም ደስ የሚያሰኝ ቢመስልም፣ ከድጓ ቤት ደጃፍ ጥቂት ዓመት የተቀመጠ ሰው ግን ታሪኩን ከዚያ ገጽ አያሳልፈውም፤ የዜማ ምልክት እንዲህ ያለውን ሥራ እንደማይሠራ ያውቃልና።

ምልክቱ የተሠራው አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ከ6ኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሮ፣ ምልክቶቹን በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሒደት፣ ጭረት፣ ቁርጥና ርክርክ የተባሉት ስምንቱ ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቈረጥ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ሲያመለክቱ፣ በደቃቅ ጽሕፈት የሚቀመጡት ፊደላት ደግሞ ተማሪው በቃሉ ካጠናው ከሌላ ዜማ የተቀነጨቡ ናቸው፤ አንዱ ፊደል «እዚያ እንዳልኸው እዚህም በል» ብሎ ያስታውሳል እንጂ ዜማውን ራሱን አይናገርም። ያን ቀዳሚ ዜማ በጆሮው ያልተቀበለ ሰው ብራናውን እስኪያልቅ ቢያገላብጠው ንባቡን ያነብባል እንጂ ድምፁን አያገኘውም።

ስለዚህ ልጅቱ ዜማውን አስቀድማ ሰምታው መሆን አለባት። ከሊቃውንቱ ጋር በማኅሌት የማትቆም ሴት ልጅ የት ሰማችው ቢባል መልሱ ከቤቷ ይገኛል፤ የድጓ ተማሪ በቀን ከመጽሐፉ ያየውን ሌሊት በጨለማ በቃሉ ይቀጽለዋልና፣ አባትየው ከምድጃው አጠገብ ሲቀጽል ከመደቡ ላይ የተኛችው ሕፃን ትሰማዋለች። አባትየው ዲያቆን መባሉ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሣል። በአገራችን ዲቁና በልጅነት የሚሰጥ ማዕርግ ሆኖ፣ በሥርዓት ያገባውም ዲያቆን እንደ ልማዱ ወደ ቅስና የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ ያለችው ዲያቆን በታሪኩ ቢገባ አንባቢው «ስለ ምን አልቀሰሰም?» ማለቱ አይቀርም። እኔ በጻፍሁት ታሪክ አባትየው በዲቁናው ሳለ፣ ልጁ ገና ሕፃን ሆና እንዲሞት አደረግሁ። ሞቱ ማዕርጉን ከስሙ ጋር አስሮ ስለሚያስቀረው ልጅቱ አድጋም «የዲያቆኑ ልጅ» እየተባለች ትኖራለች፤ የያዘችውም ዜማ ትርጓሜውን ሳታውቅ በሕፃንነት ጆሮዋ የቀረ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የተረሳው ነገር ምን እንደ ሆነ መወሰን ያስፈልጋል። «ጥንታዊ ዜማ» ብሎ ማለፍ ምንም አይነግርምና። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የሚባሉ የዜማ ይትበሃሎች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ከእነዚህም በጋይንት የተመሠረተው የቤተልሔም ዜማ በአብዛኞቹ አድባራት ስለ ሰፋ ሌሎቹ እየጠበቡ ሄደዋል። በመሆኑም የሚጠፋው ቃሉ አይደለም፤ ቃሉ በዓሉ በመጣ ቁጥር በየደብሩ ይባላል፤ የሚጠፋው አወጣጡ ነው። ለታሪኬ ስፍራ ተጉለትን፣ ለዜማውም የዘመነ ጽጌን አንድ ሰላም መረጥሁ፤ ከሰላሙም ቢሆን አንድ ሐረግ ብቻ ወሰድሁ፤ አጭር ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ ሸክም አይችልምና።

ሐረጉ የሚገኝበትን መንገድ ያሳየኝ ብራናው ነው። ተማሪ የሚማርበትን ድጓ በገዛ እጁ የመጻፍ ልማድ ስላለ፣ ይህም መጽሐፍ የአባትየው የእጁ ጽሕፈት ነው። ይዘት አንዲት ነጥብ ስትሆን ርክርክ ተከታትለው የተሰደሩ ነጥቦች ናቸው፤ ከጥላሸት የሚዘጋጀው ጥቁር ቀለም ደግሞ በብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ ስለማይሰርግ፣ አውራ ጣት ገጹን በሚገልጥበት በግርጌው ጥግ ላይ በመተሻሸት ብዛት ይለቃል። እንግዲህ በዚያ ጥግ የነበረው ርክርክ ነጥቦቹ ለቀው አንዲቱ ብቻ ብትቀር፣ ለሚያየው ሁሉ ይዘት ይመስላል። የቤተልሔም ምሩቅ የሆኑት የደብሩ መሪጌታ መጽሐፉን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያን ቃል ሲያዜሙ ድምፃቸውን ይዘው ያቆሙታል።

«የኔታ፣ አባቴ እዚያ ላይ አይቆምም ነበር» ትላለች ልጅቱ፣ ከደጃፉ እንደ ቆመች።

«ምን ያደርግ ነበር፣ ልጄ?»

«ያንቀጠቅጠውና ዝቅ አድርጎ ይጨርሰዋል።»

«ይዘት ነው እኮ፤ ነጥቧ ይህችውና።»

«እስቲ ወደ ፀሐይ ያዙሩት፣ የኔታ።»

መሪጌታው ብራናውን ወደ ብርሃኑ ቢያዘነብሉት ከነጥቧ ቀጥሎ የሦስት ነጥቦች ፍዝ ጥላ ይታያል። በዜማ ቤት ሥርዓት መምህሩ ይመራል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ እዚህ ላይ ግን አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው «በይ፣ ምሪኝ» ይሏታል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ አንባቢው ደስ ይለው ይሆናል፤ ሊቁ ግን አይረካም። የሕፃን ትዝታ ሊያታልል ይችላል፤ ርክርክ መኖሩ ቢታወቅም ልጅቱ የምታስታውሰው አወራረድ ከይትበሃሉ የመጣ ሳይሆን የአባትየው የግል ልማድ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት መሪጌታው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያንኑ ደቃቅ ፊደል የያዘ፣ ነጥቦቹም ያልለቀቁበት ሌላ ስፍራ ይፈልጋሉ፤ ልጅቱ ምን እንደ ተጻፈ ሳታይ ዜማውን ስታወጣው በዚያም ድምፁ በአንድ ዓይነት ከወረደ፣ ከግል ልማድ ይልቅ ለዜማው ሥርዓት የሚመሰክር ይሆናል። ከዚህም ሁሉ በኋላ የተገኘው አንድ ሐረግ እንጂ የተጉለት ድጓ በሙሉ አይደለም፤ ከዚህ በላይ ቢባል ታሪኩ ወደ ተረት ይሄዳል።

ሴት ልጅ ይህን ያህል ከየት ታውቃለች የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቤት ቅኔ ተምረው የቅኔ መምህርት መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል። ቢሆንም ልጅቱን በበዓሉ ሌሊት ከመቋሚያና ከጸናጽል መካከል አላቆምኋትም፤ በታሪኩ ዘመን በዚያ ደብር የማይሆን ነውና። የታሪኩን ኃይል ያገኘሁት በደጃፉ ላይ ነው።

ድምፅን በቃል ለመግለጥ ስሞክርም «ጥዑም» ወይም «መሳጭ» የሚሉትን ቅጽሎች ወደ ጎን ትቼ፣ ትንፋሹ የት እንደ ተወሰደ፣ አገጩ መቼ ወደ ደረት እንደ ወረደ፣ መቋሚያውን የያዘው እጅ የት ላይ እንደ ጠበቀ ጻፍሁ። አንባቢው ዜማውን አይሰማውም፤ የሚያዜመውን ሰው ግን ሊያየው ይችላል።

በመጨረሻም መሪጌታው የሟቹን ጽሕፈት ሳይነኩ በራሳቸው ድጓ ላይ ነጥቦቹን ይጽፋሉ፤ ነገር ግን ነጥብ ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚያውቁ አንድ ተማሪ ጠርተው በልጅቱ ፊት ያስቀምጡታል። ተማሪው ተቀብሎ ያዜማል፤ በርክርኩም ላይ ይስታል። የታሪኩ የመጨረሻ ቃል የእርሷ ነው፤ «አይደለም፣ ድገመው።»